የፔንዱለም ቀመር እስከ ስንት ዲግሪ ይታመናል?

በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማረ ሰው የፔንዱለምን ቀመር አይረሳውም። በክር የተንጠለጠለ ክብደት አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ T = 2π√(L/g) ነው ተብሎ ተምሯል። L የክሩ ርዝመት ነው፤ g ደግሞ ስበት የሚወድቅን ነገር የሚያፈጥንበት መጠን ሲሆን በሜትርና በሰከንድ ሲለካ 9.81 ገደማ ነው። ክሩ 1 ሜትር ከሆነ መልሱ 2.006 ሰከንድ ይመጣል። በቀመሩ ውስጥ ያለውን ሁሉም ያየዋል፤ የሌለውን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ክብደቱን ከመሃል ምን ያህል አርቀን እንደለቀቅነው የሚናገር አንድም ፊደል የለበትም። በጣት ስፋት ብንስበውም፣ ክሩ አግድም እስኪሆን ብንወስደውም ቀመሩ ያው 2.006 ሰከንድ ይለናል።

ይህ እውነት መሆኑን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አንድ ከባድ ዳዶ በሲባጎ አስሮ ከምስማር ላይ ማንጠልጠል ነው፤ ከምስማሩ እስከ ዳዶው መሃል 1 ሜትር ይሁን። ሲባጎው እንደተወጠረ ዳዶውን 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን መሳብ 10 ዲግሪ ይሆናል። ከዚያ ለቅቆ 10 ምልልስ በስልክ መቁጠሪያ ሲለካ 20.1 ሰከንድ ገደማ ይወጣል። ቀጥሎ 87 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን መሳብ ነው፤ ይህ 60 ዲግሪ ነው። ውዝዋዜው እንዳለ 60 ዲግሪ ላይ ቢጸና ኖሮ 10ሩ ምልልስ 21.5 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። አየሩ ውዝዋዜውን በየምልልሱ ስለሚያሳንሰው በእጅ የሚለካው ከዚህ ጥቂት ያንሳል፤ ቢሆንም ከ20.1 እንደሚበልጥ በግልጽ ይታያል። ሰፊው ውዝዋዜ ዘግይቷል፤ ቀመሩ ግን ስለዚህ መዘግየት ምንም አልነገረንም።

ጋሊሊዮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1602 ለወዳጁ ለጉዪዶባልዶ ዴል ሞንቴ በጻፈው ደብዳቤ የፔንዱለም ምልልስ ሰፋም ጠበበ እኩል ጊዜ ይወስዳል ብሎ ተከራክሯል። ለጠባብ ውዝዋዜ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል። ለሰፊው ግን አልነበረም። ዛሬ የምንማረው ቀመርም ከጋሊሊዮ አባባል ጋር የሚስማማው በአጋጣሚ አይደለም። ቀመሩ የተገኘው የፔንዱለሙን እውነተኛ ሕግ በሌላ፣ ቀለል ባለ ሕግ ከተኩ በኋላ ስለሆነ ነው። ይህ መተካት መስመራዊ ማድረግ ይባላል። እንዴት እንደሚሠራና ምን እንደሚሰውር ከፔንዱለም የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

መተካቱ እንዴት ይከናወናል?

ፔንዱለሙን ወደ መሃል የሚመልሰው ስበት ነው። ስበት ግን ክብደቱን የሚጎትተው ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ነው፤ የጉትቻውን ከፊል ክሩ ይሸከመዋል። ክብደቱ በሚሄድበት ቅስት አቅጣጫ የሚቀረው ድርሻ ክሩ ከቁልቁል መስመር በራቀበት ማዕዘን ሳይን ይለካል። ስለዚህ እውነተኛው ሕግ እንዲህ ይጻፋል፦

θ'' = −(g/L) sin θ

θ ማዕዘኑ ነው። θ'' ማዕዘኑ የሚለወጥበት ፍጥነት ምን ያህል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ይናገራል። የመቀነስ ምልክቱ ደግሞ ጉልበቱ ሁልጊዜ ወደ መሃል እንደሚመልስ ያሳያል።

ችግሩ ያለው ሳይን ላይ ነው። የ30 ዲግሪ ሳይን 0.5 ነው፤ ማዕዘኑ ወደ 60 ሲያድግ ሳይኑ 1 አይሆንም፣ 0.866 ላይ ይቀራል። 90 ዲግሪ ላይ 1 ይደርስና ከዚያ በኋላ መልሶ ይቀንሳል። መንስኤው እጥፍ ሲሆን ውጤቱ እጥፍ የማይሆንበት እንዲህ ያለ ሥርዓት ኢ-መስመራዊ ይባላል። እንዲህ ያሉ ሕጎችን መፍታት አስቸጋሪ ነው፤ የፔንዱለሙ መፍትሔ ራሱ በትምህርት ቤት በምናውቃቸው ሳይንና ኮሳይን ተጠቅልሎ አይጻፍም።

ስለዚህ ሰዎች አንድ ዘዴ ይጠቀማሉ። መጀመሪያ ሥርዓቱ ካልተነካ በቀር ባለበት የሚቆምበትን ነጥብ ይፈልጋሉ፤ ይህ የሚዛን ነጥብ ነው። ለፔንዱለም ሳይኑ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ማለት ነው። አንዱ ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተንጠለጠለበት፣ 0 ዲግሪ ነው። ከዚያ ነጥብ ትንሽ ብቻ ብንርቅ ምን ይሆናል ብለው ይጠይቁና ጠመዝማዛውን የሳይን መስመር በዚያች ነጥብ ላይ በሚነካው ቀጥ ያለ መስመር ይተኩታል። ማዕዘኑ በራዲያን ሲለካ (1 ራዲያን 57.3 ዲግሪ ነው) ቀጥተኛው መስመር ማዕዘኑ ራሱ ነው፤ ሳይን θ በነበረበት ቦታ θ ይገባል።

θ'' = −(g/L) θ

ይህኛው በቀላሉ ይፈታል፤ መፍትሔው ስፋቱ የማይለወጥ፣ ወዲያና ወዲህ የሚል ውዝዋዜ ነው። ያ የታወቀው 2π√(L/g) የሚወጣውም ከዚህ ነው። ስፋቱ ከቀመሩ የጠፋው በዚህ እርምጃ ላይ ነው፤ በመስመራዊ ሕግ ሁለት እጥፍ የራቀ ክብደት ሁለት እጥፍ ስለሚጎተት፣ ሁለት እጥፍ መንገዱን በዚያው ጊዜ ይጨርሰዋል።

ዘዴው የቤት መሥሪያ ቦታ እንደሚለካ ሰው አሠራር ነው። መሬት ክብ እንደሆነች እያወቀ ሜትሩን ዘርግቶ እንደ ጠፍጣፋ ይለካታል፤ በ200 ካሬ ላይ የመሬት ክብነት ምንም አይለውጥበትም። በዚያው ሜትር ከአገር አገር ልለካ ካለ ግን ይሳሳታል።

መተካቱ ምን ያህል እንደሚያጎድል በቁጥር እንየው። 5 ዲግሪ በራዲያን 0.0873 ነው፤ ሳይኑ 0.0872 ነው። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በ30 ዲግሪ 0.524 እና 0.5 ይሆናሉ። በ60 ዲግሪ ግን 1.047 እና 0.866 ናቸው። ማለትም እውነተኛው የመመለሻ ጉልበት ቀጥተኛው መስመር ከሚለው በ17 በመቶ ያነሰ ነው። ደካማ ጉልበት ቀስ አድርጎ ይመልሳል፤ ዳዶው በሰፊው ሲወዛወዝ የዘገየው ለዚህ ነው።

የሰዓት ሠሪዎቹ ራስ ምታት

መዘግየቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግር ጥሩ የማረሚያ ቀመር አለ። ማዕዘኑን በራዲያን ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ ለ16 ማካፈል ነው፤ የሚወጣው ቁጥር ምልልሱ ከ2π√(L/g) በምን ያህል ድርሻ እንደሚረዝም ይናገራል። ለ20 ዲግሪ 0.76 በመቶ ይሰጣል። ለ60 ዲግሪ ይህ ማረሚያ ብቻውን 6.9 በመቶ ሲል ትክክለኛው 7.3 በመቶ ነው። በ90 ዲግሪ እውነተኛው መዘግየት 18 በመቶ ይደርሳል።

ለተማሪ ከመቶ አንድ ስህተት ምንም ላይመስል ይችላል። ለሰዓት ግን ቀኑ 86,400 ሰከንድ ነውና ከመቶ አንድ ማለት በቀን 14 ደቂቃ ነው።

የመጀመሪያውን የሚሠራ ባለፔንዱለም ሰዓት በ1656 የነደፈው ኔዘርላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ ነበር። በዚያ ዘመን የሰዓቱን ጥርስ አንድ በአንድ የሚለቅቀውና ለፔንዱለሙ በየምልልሱ ግፊት የሚሰጠው ክፍል የሚሠራው ፔንዱለሙ በሰፊው ሲወዛወዝ ብቻ ነበር፤ ከመሃል ወደ እያንዳንዱ ጎን 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሄድ ነበር። በ40 ዲግሪ ምልልሱ ቀመሩ ከሚለው በ3.1 በመቶ ይረዝማል፤ ይህ በቀን 45 ደቂቃ ገደማ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ አይጎዳም ነበር፤ ክሩን ትንሽ አሳጥሮ ማረም ይቻላል። ጉዳቱ ስፋቱ በማይጸናበት ጊዜ ነው። ዘይቱ ሲወፍር፣ አቧራ ሲገባ ወይም የጥርሱ ግፊት ሲዳከም ውዝዋዜው ከ40 ወደ 38 ዲግሪ ዝቅ ይላል እንበል። በዚህች የ2 ዲግሪ ለውጥ ብቻ ሰዓቱ በቀን ከ4 ደቂቃ በላይ መፍጠን ይጀምራል። ባለቤቱ ቢመለከት ክሩም ያው ነው፣ ክብደቱም ያው ነው። በቀመሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳይነካ ሰዓቱ ተበላሽቷል። ጥፋተኛው ቀመሩ የጣለው ስፋት ነበር።

ሃይገንስ መልስ አገኘ። ክብደቱ የሚሄድበትን መንገድ ከክብ ቅስት አውጥቶ ሳይክሎይድ በሚባል ቅስት ላይ ቢያስኬደው የመመለሻ ጉልበቱ ክብደቱ በመንገዱ ላይ በተጓዘው ርቀት ልክ ያድጋል፤ ያኔ ምልልሱ በማንኛውም ስፋት እኩል ይሆናል። ለዚህም ክሩ ከተንጠለጠለበት ግራና ቀኝ ሁለት የተጎበጡ ጉንጮች አስቀመጠ፤ ክሩ በመወዛወዝ ላይ እያለ በእነሱ ላይ ይተኛና መንገዱን ይለውጣል። ማስረጃውን በ1673 ባሳተመው የባለፔንዱለም ሰዓት መጽሐፉ ውስጥ አስቀመጠ። በሒሳብ ረገድ እንከን የለውም። በሥራ ላይ ግን ክሩ በጉንጮቹ ላይ ሲተኛና ሲነሣ የሚፈጠረው ሰበቃ የራሱን ስህተት አመጣ።

ሰዓት ሠሪዎቹን በኋላ የገላገላቸው ሌላ መንገድ ነው። በ1670 ገደማ በእንግሊዝ አገር መልሕቅ የሚመስል የጥርስ መልቀቂያ መጣ፤ ይህ ክፍል ፔንዱለሙ በጎን 2 ወይም 3 ዲግሪ ብቻ ቢወዛወዝም ይሠራል። አሁን ውዝዋዜው ከ3 ወደ 2.5 ዲግሪ ቢቀንስ ለውጡ በቀን 4.5 ሰከንድ ብቻ ነው። ቀደም ሲል በደቂቃ ይቆጠር የነበረው ስህተት በሰከንድ የሚቆጠር ሆነ። የፔንዱለሙ ሕግ አልተለወጠም፣ ሳይኑም በቦታው አለ። ሠሪዎቹ ያደረጉት ማሽኑን ቀጥተኛው መስመር እውነት ወደሚሆንበት ጠባብ ሰፈር ማስገባት ነው። ዛሬም ብዙ መሐንዲሶች መስመራዊ ቀመር የሚሠራላቸው በዚሁ መንገድ ነው፤ ቀመሩን ከማሽኑ ጋር ከማስማማት ይልቅ ማሽኑ ከቀመሩ ክልል እንዳይወጣ ያደርጋሉ።

ሁለተኛው የሚዛን ነጥብ

እስካሁን ያየነው ስህተት የመጠን ስህተት ነው፤ መልሱ በዓይነቱ ትክክል ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ትንሽ ይሳሳታል። ከዚህ የባሰው መልሱ በዓይነቱ ሲሳሳት ነው።

የ180 ዲግሪ ሳይንም ዜሮ ነው። ስለዚህ ክሩን በቀላልና በማይታጠፍ ዘንግ ብንተካው ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመበት ቦታም የሚዛን ነጥብ ነው። ያንኑ ዘዴ እዚህ ስንደግመው ከአንድ ነገር በቀር ሁሉም ይመሳሰላል፤ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል። ከጫፉ ትንሽ የራቀ ክብደት ወደ ጫፉ አይመለስም፣ ይልቁንም በራቀው መጠን ይበልጥ ይገፋል። ለ1 ሜትር ዘንግ ይህ ርቀት በየ0.32 ሰከንዱ 2.7 እጥፍ ገደማ ያድጋል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ እውቀት እናገኛለን። ዘንጉን ከቀጥታ መስመር በ1 ዲግሪ ስተን ብናቆመውና ብንለቀው 60 ዲግሪ እስኪወድቅ 1.5 ሰከንድ ገደማ እንደሚፈጅበት ቀጥተኛው ሕግ ይናገራል። አሥር እጥፍ ተጠንቅቀን ስህተቱን ወደ 0.1 ዲግሪ ብናወርደው የምናተርፈው 0.73 ሰከንድ ብቻ ነው። መቶ እጥፍ ብንጠነቀቅ 1.5 ሰከንድ ያህል እናተርፋለን። ዘንግ በጫፉ የማቆም ሙከራ በጥንቃቄ ብቻ የማይሳካው ለምን እንደሆነ ይህ ሒሳብ ያስረዳል፤ ወደ ላይኛው ነጥብ በተጠጋን ቁጥርም አመኔታው ይጨምራል።

ይህንኑ ሕግ ከሰፈሩ ካወጣነው ግን ቀልድ ይሆናል። ዘንጉን በ1 ዲግሪ ስተን ለቅቀን ከ5 ሰከንድ በኋላ የት እንዳለ ብንጠይቀው ከ3 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ፣ ማለትም ከ8,700 ዙር በላይ ርቋል ይለናል። እውነተኛው ዘንግ በ2 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ታች ይደርሳል፤ በሌላው ጎን ይወጣል፤ ሰበቃ ከሌለ ከላይኛው ነጥብ 1 ዲግሪ ሲቀረው ቆም ብሎ ይመለሳል። ከተነሣ 7.8 ሰከንድ ሲሞላው የተለቀቀበት ቦታ ላይ ይገኛል። የታችኛው ነጥብ ቀመር ደግሞ ለዚሁ ጉዞ 2 ሰከንድ ብቻ ይሰጠው ነበር። ሁለቱም ቀመሮች ከአንድ እውነተኛ ሕግ የተወለዱ ናቸው፤ ግን አንዳቸው የሌላውን መኖር አያውቁም።

ይህ አለመተዋወቅ በግልጽ የሚታይበት አንድ ሒሳብ አለ። ታች የቆመውን ክብደት ወደ ጎን በሰከንድ 7 ሜትር ፍጥነት እንምታው። የታችኛው መስመራዊ ሕግ እስከ 128 ዲግሪ ወጥቶ ይመለሳል ይላል፤ የበለጠ ብንመታው የበለጠ ርቆ ይመለሳል። በእሱ ዓለም የማይመለስ ውዝዋዜ የለም። እውነቱን ለማወቅ ጉልበቱን ማስላት ይበቃል። ክብደቱ 2 ሜትር ወጥቶ ጫፍ ለመድረስ ከታች በሰከንድ 6.26 ሜትር ፍጥነት ያስፈልገዋል። እኛ የሰጠነው 7 ነው። ስለዚህ ክብደቱ ጫፉን በሰከንድ 3.1 ሜትር እየሮጠ ያልፈዋል፤ በዚያው አቅጣጫም ሙሉ ክብ እየሠራ ይዞራል። ቀመሩ የተነበየው ውዝዋዜ ነበር፤ የሆነው ግን መሽከርከር ነው። እዚህ ላይ በማረሚያ ቁጥር የሚስተካከል ነገር የለም።

ቀመሩ ዝም የሚልበት ቦታ

ሦስተኛው ጉድለት ከሁለቱ ይለያል፤ ለሚዛን ነጥቡ እጅግ ቀርበን እንኳ አይለቀንም።

ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አሌክሳንደር ሊያፑኖቭ በ1892 ባቀረበው ጥናት ቀጥተኛው ሕግ ስለ እውነተኛው ሥርዓት መቼ ሊመሰክር እንደሚችል ለይቶ አስቀመጠ። በቀጥተኛው ሕግ ትንሽ መናወጥ ሁሉ በፍጥነት እየሞተ የሚሄድ ከሆነ እውነተኛውም ሥርዓት በዚያ ነጥብ አቅራቢያ ይረጋጋል። ከመናወጦቹ አንዱ እንኳ እንደ ላይኛው ዘንግ በየጊዜው እየተባዛ የሚያድግ ከሆነ እውነተኛውም ያልተረጋጋ ነው። ሁለቱም ካልሆነ፣ ማለትም መናወጡ ሳይሞትም ሳያድግም እንዳለ የሚቀጥል ከሆነ፣ ቀጥተኛው ሕግ ምስክርነት የለውም። ያኔ ፍርዱን የሚሰጠው አስቀድመን የጣልነው ኢ-መስመራዊው ክፍል ነው።

ሰበቃ የሌለው የታችኛው ፔንዱለም የሚገኘው በዚህ ድንበር ላይ ነው። አየሩ የሚያደርሰውን ለማየት ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ የሚያድግ ሳይሆን ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር የሚያድግ የአየር ተቃውሞ አለበት እንበል፤ ትልቅና ቀላል ኳስ በክር ሲወዛወዝ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው። መስመራዊ በምናደርገው ጊዜ በራሱ የተባዛ ትንሽ ቁጥር ሁሉ ስለሚጣል ይህ ተቃውሞ እንዳለ ይጠፋል። ቀጥተኛው ሕግም ኳሱ ለዘላለም ሳይቀንስ ይወዛወዛል ብሎ ይደመድማል። እውነተኛው ኳስ ግን በየምልልሱ ይቀንሳል። ተቃውሞው ተገላብጦ ኳሱን ቢገፋው ኖሮ ውዝዋዜው ያድግ ነበር፤ ቀጥተኛው ሕግ ለዚያም ያንኑ መልስ ይሰጥ ነበር። አንዱ የሚሞት፣ ሌላው የሚያድግ ሁለት ሥርዓት በቀመሩ ዓይን አንድ ናቸው።

ይህን በዓይን መለየት ይቻላል። ውዝዋዜው ከ20 ወደ 10 ዲግሪ እስኪወርድ ምልልሶቹን መቁጠር፣ ከዚያ ከ10 ወደ 5 እስኪወርድ መቁጠር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ተቃውሞው ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ የሚሄድ ነው፤ መስመራዊው ሕግም ይይዘዋል። ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ከሆነ ግን ተቃውሞው የስኩዌር ዓይነት ነው፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ በየምልልሱ የሚጠፋው ወደ ሩብ ይወርዳል። አብዛኛው ጊዜ የሚገኘው በሁለቱ መካከል ያለ ቁጥር ነው፤ ሁለቱም ተቃውሞዎች አብረው ስለሚሠሩ።

ሰዓቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በደንብ የተሠራ ባለፔንዱለም ሰዓት በ2 ዲግሪም ይጀመር በ4፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ራሱ ቋሚ ስፋት ይመጣል፤ ጥርሱ የሚሰጠው ግፊትና ሰበቃው የሚወስደው እኩል የሚሆኑበት ስፋት ነው። ለራሱ የተተወ መስመራዊ ሥርዓት እንዲህ ያለ የተመረጠ ስፋት የለውም። አንድ ውዝዋዜ ከቻለ እጥፉንም፣ ግማሹንም በእኩልነት ይችላል። የሰዓቱን ትክክለኛነት የሚወስነው ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ስንጠይቅ ቀመሩ ከነጭራሹ መልስ የለውም።

«ትንሽ» ስንት ነው?

መጻሕፍት ቀመሩ «ለትንሽ ማዕዘን» ይሠራል ብለው ያልፋሉ። ትንሽ ስንት እንደሆነ ግን ከሥራው ተነጥሎ አይታወቅም፤ የማረሚያው ቀመር ይህን በቁጥር ይነግረናል። ከመቶ አንድ ስህተት የሚበቃው ሰው እስከ 23 ዲግሪ ድረስ ይፈቀድለታል። ከሺህ አንድ የሚፈልግ ከ7 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ሰዓቱን በቀን በ1 ሰከንድ ልክ በዚህ ቀመር ብቻ ልመራ የሚል ደግሞ 0.8 ዲግሪ እንኳ አይሞላለትም።

ማረሚያ ቀመር በእጁ ለሌለው፣ ሥርዓቱም ፔንዱለም ላልሆነለት ሰው አንድ ፈተና አለ። መናወጡን እጥፍ አድርጎ ሙከራውን መድገም ነው። ስፋቱ እጥፍ ሆኖ ጊዜው ካልተለወጠ ቀጥተኛው ሕግ በዚያ ክልል ይሠራል። ጊዜው ከተለወጠ፣ ወይም ከዚያ የባሰ እንቅስቃሴው ዓይነቱን ከቀየረ፣ ከሰፈሩ ወጥቷል ማለት ነው። ይህ ፈተና ግን የሚሸፍነው የተፈተነውን ክልል ብቻ ነው፤ በሰከንድ 1 ሜትርና 2 ሜትር መትቶ ልዩነት ያላየ ሰው በ7 ሜትር የሚመጣውን መሽከርከር አያውቅም። ያንን የሚያሳየው ሌሎቹን የሚዛን ነጥቦች መፈለግና እዚያ ለመድረስ የሚበቃውን ጉልበት ማስላት ነው። ቀጥተኛው ሕግ «ሳይሞት ሳያድግ ይቀጥላል» ካለ ደግሞ የተጣለውን ክፍል መልሶ ሳያዩ ስለ መረጋጋት ምንም መደምደም አይገባም።

የፊዚክስ መምህራን T = 2π√(L/g)ን በሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ከጎኑ አንድ መስመር ይጨምሩበት፦ እስከ 7 ዲግሪ ከሺህ አንድ፣ እስከ 23 ዲግሪ ከመቶ አንድ ስህተት። ከዚያም ተማሪዎቹ ዳዶና ሲባጎ ይዘው የ60 ዲግሪውን 10 ምልልስ ራሳቸው ይቁጠሩ።